መስከረም 22 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ፦ አረጋሽ ወደ ሸዋሮቢት የሄደች ዕለት

ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙት፦ ጋሽ ሽፈራው፣ አባባ ተክሌ፣ እምዬ ጌጤነሽ፣ እናቴ አረጋሽ፣ እትዬ ዘነቡ። ከፊት መሬት ላይ ቁጭ ያለው ካሳሁን ነው፤ ያኔ ገና አምስት ዓመቱ። በቀኝ ጠርዝ ግማሽ ፊቱ ብቻ የገባው ባለ ባርኔጣ ሰውዬ የኛ አይደለም። እሱም ተሳፋሪ ነበር፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። እትዬ ዘነቡ ግን «ከሱ ጎን ቆሜ ከምነሳ ባልነሳ ይሻለኝ ነበር» እያለች እስከ ዛሬ ታማዋለች፤ ትንባሆ ይሸት ነበር አሉ።

ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ አልበሙን ሲገልጥ «ይሄ የማን ሠርግ ነው?» ይላል። ሠርግ አይደለም። ነጭ የለበሱት መስቀል ከዋለ ገና አምስት ቀኑ ስለሆነ ነው፤ እምዬ የበዓሉን ልብስ አላስወለቀቻቸውም። «ልጄን የምሸኘው እንደ ለቅሶኛ አድፌ ነው እንዴ?» ብላለች። እናቴ የለበሰችው ቀሚስ እምዬ ራሷ የፈተለችው ነው። ጫማዋ ደግሞ ኮንጎ ነው፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የቆዳ ይመስላል እንጂ ላስቲክ ነው፣ ቀለሙም ቡኒ ነበር።

ቀኑን የምናውቀው ከፎቶው ጀርባ በሰማያዊ እስክሪብቶ «22/1/76» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ጽሑፉ የጋሽ ሽፈራው ነው። ሰኞ ነበር። ጥላቸው ረጅም መሆኑን እዩ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ብዙም አላለፈም። አባባ ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ጋቢውንም እስከ አፍንጫው ስቦ የቆመው ለፎቶ እንዲያምርበት አይደለም። የመስከረም ጠዋት መሐል ሜዳ ላይ እንደዚያ ነው፤ ፀሐይ ወጥቶም ይቆረጥማል። ጋሽ ሽፈራው ብቻ በሸሚዝ ነው፤ አፍሮውንና ቤል ቦተም ሱሪውን ሰው እንዲያይለት። ብርድ ሲያንቀጠቅጠው እንደነበር እናቴ ትመሰክራለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከካሳሁን በቀር ሁሉም ካሜራውን ትተው ወደ ግራ ነው የሚያዩት። ፎቶ አንሺው አሰልፎ፣ «አትንቀሳቀሱ» ብሎ፣ ሊጫን ሲል አውቶቡሱ ካደረበት ግቢ ወጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። የአምስቱም አንገት አንድ ላይ ዞረ፤ እሱም ተጫነው። ሁለተኛ ላንሳ ብሎ ሌላ ሂሳብ ቢጠይቅ አባባ «አንዱ ይበቃል፣ መልካችን እንደሆን አይቀየር» ብሎ ዘጋው። ካሳሁን ስለ አውቶቡሱ ደንታም አልነበረው፤ ካሜራው ውስጥ ወፍ አለ ብለውት ስለነበር ወፏን ነው የሚጠብቀው። ፎቶው ታጥቦ ከደብረ ብርሃን የደረሳቸው ለገና አካባቢ ነው፤ እምዬ ስታየው «ምን ይሁን ብለን ነው ሁላችን ጎረቤት እንደተጣራን የዞርነው!» ብላ በሳቅ ፈረሰች ይላሉ።

እናቴ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሳ ደብረ ብርሃን መምህራን ማሰልጠኛ ገብታ፣ ክረምቱን ቤት ከርማ፣ የምደባ ደብዳቤዋ የመጣው መስከረም ከገባ በኋላ ነው። የተመደበችው ሸዋሮቢት አጠገብ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ለአንደኛና ሁለተኛ ክፍል። ለዛሬ ልጆች አንድ ዞን ውስጥ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው መሄድ ነው፤ ያኔ ግን ከመንዝና ግሼ አውራጃ ወደ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ መሻገር ነበር። ደግሞም ከደጋ ወደ ቆላ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት አገር ነው፤ ሸዋሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ማሽላ፣ ትምባሆና ብርቱካን። በአውቶቡሱ ሞላሌንና መዘዞን አልፈው ጣርማ በር ይወርዱና፣ እዚያ ጉም ውስጥ ቆመው ሌላ መኪና ይጠብቃሉ። ከዚያ ጣሊያን በሠራው ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋሮቢት። በአንድ ቀን ጋቢ ለብሶ ተነስቶ ጋቢውን በክንድ ይዞ መግባት ነው።

እምዬን ያስጨነቃት መንገዱ አይደለም፣ ወባው ነው። ለደገኛ ቆላ ማለት ወባ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ፣ ዝናቡ አቁሞ ውኃው በየቦታው ሲያቁር፣ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው። «መሄዷስ ትሂድ፣ ለገና ብትሄድ ምን ነበረበት?» ብላ አባባን ስትነዘንዝ ነበር የከረመችው። መንግሥት ግን ለእምዬ ብሎ የትምህርት መክፈቻ አያዘገይም። ፎቶው ላይ የእምዬን ቀኝ እጅ ተጠግታችሁ እዩት፤ የእናቴን ክንድ ከክርኑ በላይ ይዛለች። አያያዟ የፍቅር ብቻ አይመስልም፤ ጣቶቿ የቀሚሱን እጅጌ ጨምድደውታል፣ ጨርቁ ተሰብስቧል። እናቴ «ቀኑን ሙሉ ክንዴ ላይ ተሰምቶኛል» ትላለች።

እግራቸው ሥር ያለውን ጥቁር ነገር ልጆች ሁሉ «የተኛ በግ» ይሉታል፤ የእህቴ ልጅ እንዲያውም ጭራውን አሳይታኛለች። በግ አይደለም፤ ባና ነው፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ። እርግጥ ከበግ ነው የመጣው። የመንዝ በግ ፀጉሩ ሻካራና ረጅም ነው፤ እምዬ ከቤቱ ጥቁር በጎች የተሸለተውን ጠጉር ለቅማ፣ አፍታታ ፈትላው፣ ሸማኔ ሠርቶታል። ጭራ የመሰለው የታሰረበት ጠፍር ጫፍ ነው። ከጎኑ ያለው አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ሳጥኗ ነው፤ ልብሷ፣ የማሰልጠኛው ደብተሮቿና አንድ ኩባያ አለበት። ከሳጥኑ ላይ የተቀመጠው ከረጢት በሶ ነው። ዳቦ ቆሎውን እትዬ ዘነቡ ይዛዋለች፤ አፏ ትንሽ ያበጠው ለዚያ ነው፣ እሷ ብትክድም።

በባናው ነገር ባልና ሚስት ተጣልተዋል። ይዛ ትሂድ ያለው አባባ ነው። እምዬ «ቆላ ባና ይዞ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ሰው ይስቅባታል» አለች። እናቴም ብትሆን አልፈለገችውም፤ ከባድ ነው፣ ይሸታል፣ አዲስ አስተማሪ ባና ተሸክማ ስትገባ ምን ይሏታል? አባባ ግን መልስ አልሰጠም፤ ጠፍሩን አጥብቆ አስሮ ራሱ ተሸክሞት እስከ መቆሚያው መጣ። ሹፌሩ ጣራ ላይ ሊጭነው ሲል «ከልጄ እግር ሥር ይሁን» ብሎ ውስጥ አስገባው። እናቴ ስትናገር «አባቴ የዚያን ዕለት የተናገረው የመጨረሻ ቃል እሱ ነበር፣ 'ደህና ሁኚ' እንኳ አላለኝም» ትላለች። አባባ እንደዚያ ነበር፤ የሚወደውን ነገር በቃል ሳይሆን በጭነት ነው የሚናገረው።

ፎቶው ያልያዘው፣ ግን ከፎቶው የማይለይ፣ የባናው መጨረሻ ነው። ሸዋሮቢት ደርሳ ባናውን ለመቀመጫ አደረገችው። አብራት የምትኖረው መምህርት የወሎ ልጅ ነበረች፤ ስታየው «የመንዝ ሶፋ» ብላ ሰየመችው። ኅዳር ላይ እናቴን ወባ ጣላት። መጀመሪያ ብርድ፣ ያ ጥርስ የሚያጋጭ ብርድ፤ ጎረቤት ያለ ነጠላ ሁሉ ተደርቦባት አልሞቃት አለ። ያቺ ልጅ ባናውን ከመሬት አንስታ አለበሰቻት። ከጤና ጣቢያ ክሎሮኪን አምጥተውላት በሳምንቱ ተነሳች። ከዚያ ወዲያ ባናው ላይ የተቀመጠ የለም።

ለእምዬ ስትጽፍ ወባውን አልነገረቻትም። ጤና መሆኗን፣ ተማሪዎቹ ጨዋ መሆናቸውን፣ ብርቱካን በርካሽ መሆኑን ጽፋ፣ አባቷ ደስ ይለው ብላ መጨረሻው ላይ «ለአባዬ ባናው በጣም ጠቅሞኛል በይልኝ» አለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘንግታለች። እምዬ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከለየች ወዲህ ደብዳቤ በሰው አታስነብብም። 1971 ዓ.ም. ዘመቻው ሲጀመር «እኔ አሮጊት ምን ልሆን» ብላ እምቢ ያለች፣ ኋላ ግን ምስክር ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ከሥዕለ ማርያም ዝቅ አድርጋ የሰቀለች ሰው ናት። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየቆጠረች ስለምታነብ ሌላው የሚዘለው አያመልጣትም። ደብዳቤውን ጨርሳ ወደ አባባ ዞረችና «ልጅህ ታማለች» አለችው። «ምን ብላ ጻፈች?» ቢላት፣ «ባናው ጠቀመኝ አለች። ቆላ ላይ ባና የሚለብስ ወባ የያዘው ብቻ ነው!»

በማግስቱ ጋሽ ሽፈራው አንድ ገንቦ ማርና የታረደ በግ ቋንጣ ተሸክሞ በዚያው አውቶቡስ ተላከ። ሲደርስ እናቴ ክፍል ውስጥ እያስተማረች ነው። በመስኮት አይቷት «ደህና አይደለሽ እንዴ! ለምን አስለፋሽኝ?» ብሎ በተማሪዎቿ ፊት ጮኸባት።

እናቴ እዚያው ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት አስተማረች፤ አባቴንም ያገኘችው እዚያ ነው፣ የሱ ታሪክ በሚቀጥሉት ገጾች አለ። ባናው ዛሬ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት ነው፤ አንድ ጥጉን ብል በልቶታል። የፎቶው ዋና ቅጂ በጋሽ ሽፈራው እጅ ነው፤ ይህ ከዚያ ላይ የታተመ ስለሆነ የካሳሁን ፊት ትንሽ ደብዝዟል። ዋናው ላይ አፉን ከፍቶ ወፏን ሲጠብቅ ጥርሱ ሳይቀር ይታያል።