የሐዋሳ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር፦ የቤተሰቡ የጋራ እቅድ (ጥር 2018)

ሥራው። በታቦር ክፍለ ከተማ፣ አዳዲስ ቤቶች በሚሠሩበት ሰፈር፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ አንድ መደብር እንከፍታለን። ሲሚንቶና ብረት አንይዝም፤ ሁለቱም ብዙ ገንዘብ ይይዛሉ፣ ትርፋቸውም ቀጭን ነው።

መዋጮ። ታላቅ እህታችን ከዋሽንግተን 10,000፣ ታላቅ ወንድማችን ከቶሮንቶ 8,000፣ መካከለኛዋ ከፍራንክፈርት 7,000፣ ታናሹ ከሲያትል 5,000፤ በድምሩ 30,000 ዶላር። ድርሻም በዚሁ ልክ ነው። ለስሌት አንዱን ዶላር በ150 ብር ይዘን 4,500,000 ብር ይሆናል። ገንዘቡ በባንክ ብቻ፣ በማኅበሩ ስም በሚከፈተው ሂሳብ ይገባል። በዘመድ የግል ሂሳብ ወይም በእጅ የገባ ገንዘብ የማን ካፒታል እንደሆነ በኋላ ማስረዳት አይቻልም።

አደረጃጀት። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እናቋቁማለን። የውጭ ፓስፖርት ያለን ሁሉ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችን (ቢጫ ካርዱ) ያላለፈበት መሆኑን አሁኑኑ እናረጋግጥ። ሥራ አስኪያጅ የአክስታችን ልጅ ነው፤ በዚሁ ንግድ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ደመወዙ 18,000 ብር ሲሆን ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 10 በመቶ ያገኛል። ውክልናው በየምንኖርበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ አገር ቤት በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ጽሑፉ ላይ መሸጥ፣ መበደርና ማስያዝ እንደማይችል በግልጽ ይጻፍ፤ “ማንኛውንም ሥራ” የሚል ሰፊ ውክልና አንፈርምም። ከ50,000 ብር በላይ ወጪ የአባታችንን ሁለተኛ ፊርማ ይፈልጋል።

በጀት (በብር)
- የስድስት ወር ኪራይ፣ በወር 35,000፦ 210,000
- መደርደሪያ፣ ባንኮኒ፣ በርና መብራት፦ 260,000
- የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንና ኮምፒውተር፦ 90,000
- ምዝገባ፣ ውክልና፣ ጠበቃ፦ 62,000
- የመጀመሪያ ዕቃ፦ 2,600,000
- የስድስት ወር ደመወዝና ልዩ ልዩ ወጪ፣ በወር 48,000፦ 288,000
- መጠባበቂያ፦ 990,000

መጠባበቂያው፣ ማለትም 6,600 ዶላሩ፣ ለሁለተኛው ግዢ እስኪፈለግ ድረስ አይላክም። የምንዛሪው ተመን ከተንቀሳቀሰ ዕቃውም አብሮ ይወደዳልና ብሩን ቀድመን ይዘን መቀመጥ ይጎዳናል።

ዕቃው። ፒፒአር ቧንቧ 20፣ 25 እና 32 ሚሊሜትር ከነ ኤልቦው፣ ቲውና ቫልቩ፤ ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ለመብራት፣ 2.5 ለሶኬት፣ 4 ለምጣድ፤ ብሬከር ከ10 እስከ 32 አምፔር። ደንበኛ ለምጣድ 2.5 ሽቦ ቢጠይቅ ሻጩ እንደሚግል ነግሮ 4 ያቅርብለት። ቀጭን ሽቦ በወፍራም ስም እንዳይሸጥብን ከእያንዳንዱ ካርቶን አንድ ጥቅል ወጥቶ ጫፉ ተልጦ በማይክሮሜትር ይለካል፤ ባለ አንድ ዘንግ 2.5 ሲሆን መዳቡ 1.78 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ውፍረቱ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ከወረደ ካርቶኑ ይመለሳል።

ሂሳቡ። በ18 በመቶ ያልተጣራ ትርፍ፣ 83,000 የወር ወጪን ለመሸፈን ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት ወደ 461,000 ብር ሽያጭ ያስፈልጋል፤ በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 17,700 ገደማ። በዚህ ሽያጭ የታክሱ ተመዝጋቢ መሆን ግዴታችን ነው። ስለዚህ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አንድ ቫልቭ እንኳን አይገዛም። ስንሸጥ 15 በመቶ ሰብስበን ለመንግሥት እናስገባለን፤ ስንገዛ የከፈልነውን ማቀናነስ ካልቻልን ከዚያ 18 በመቶ ትርፍ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ያልቃል።

የሚያከስሩን ነገሮች። ትልቁ ዱቤ ነው። ቤት የሚያሠራው ሰው ግማሹን ከፍሎ የቀረውን “ሥራው ሲያልቅ” ይላል፤ ሥራው ግን አያልቅም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ዱቤ የለም፤ ከዚያም በፊርማ፣ ከ20,000 ብር ሳይበልጥ፣ ለ15 ቀን ብቻ። ሁለተኛው የራሳችን ቤተሰብ ነው። ለሰርግ፣ ለለቅሶና ለሕክምና ከመደብሩ ካዝና አንድ ብር አይወጣም፤ ለዚህ በየወሩ 25 ዶላር እያንዳንዳችን በሌላ ሂሳብ እናስቀምጣለን። ሦስተኛው ቤቱ ነው፤ ካሳመርነው በኋላ ኪራይ እንዳይጨመርብን የሦስት ዓመት ውል ተጽፎ፣ ጭማሪው ተወስኖ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ። ውሉን ማስመዝገብ የማይፈልግ አከራይ ዋጋው ቢረክስም ይቅርብን፤ ለንግድ ፈቃዱም የአድራሻ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ጊዜው። ቢጫ ካርድና ውክልና እስከ መጋቢት፤ የመመሥረቻ ጽሑፍና የባንክ ሂሳብ እስከ ግንቦት፤ ቤቱ በሰኔ። ንግድ ፈቃዱ ከሐምሌ 1 በኋላ ይውጣ፤ ሰኔ ላይ ካወጣነው ወዲያው እድሳት ይጠይቃል። መደርደሪያው ክረምቱን ይሠራል፣ ዕቃው በመስከረም ይገባል፣ ግንባታ ሲነቃ በጥቅምት እንከፍታለን።

ቁጥጥር። ሥራ አስኪያጁ በየማታው የማሽኑን የዕለት ሪፖርት ፎቶ ለቤተሰቡ ይልካል። ቆጠራ በየሦስት ወሩ ይደረጋል፤ አባታችን ይገኛሉ። ሁለት ዓመት ትርፍ አይከፋፈልም።

መውጫ። መውጣት የፈለገ ከስድስት ወር በፊት ያሳውቃል፤ ድርሻው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ተቆጥሮ መጀመሪያ ለሌሎቻችን ይቀርባል። ከዘጠነኛው ወር በኋላ ሽያጩ ሦስት ወር በተከታታይ ከ300,000 ብር ከወረደ መጠባበቂያው አይላክም፣ ያለው ዕቃ ተሽጦ መደብሩ ይዘጋል። ድምፅ በድርሻ ልክ ነው፤ ይህን አንቀጽ ለመቀየር ግን የአራታችንም ፊርማ ያስፈልጋል።