ልጆችዎ ከክፍያ ነፃ እንዲሆኑ ያቀረቡትን ጥያቄ ይመለከታል

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ትዕግሥት
የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናሆም እና የ3ኛ ክፍል ተማሪ መክሊት እናት

ጤና ይስጥልኝ፤ ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ያጽናዎት። የባለቤትዎ ለቅሶ ላይ መጥተን አይተንዎታል፤ እዚያ ስለ ክፍያ የሚነሳ ነገር ስላልነበረ ዝም ብለን ነው የተመለስነው። የካቲት 5 ቀን ያስገቡትን ማመልከቻ ለጸሐፊዋ አልተውኩትም፣ ራሴ አንብቤዋለሁ። ቅዳሜ የካቲት 8 በተቀመጠው የቦርድ ስብሰባም ጉዳይዎን ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

የጠየቁት ሁለቱም ልጆች እስከ ሰኔ ድረስ ሙሉ በሙሉ ከክፍያ ነፃ እንዲሆኑ ነው። ይህን ልንፈቅድልዎ አልቻልንም። መልሱን ከታች ከመቅበር እዚሁ ላይ ብነግርዎ ይሻላል ብዬ ነው።

ምክንያቱን ደግሞ የማወቅ መብት አለዎት። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ 12 የነፃ ቦታ ይመድባል፤ የዘንድሮዎቹ መስከረም ሳይጠባ ሞልተዋል። አምና ከ12ቱ በላይ ሁለት ልጆች ጨምረን ነበር። ውሳኔው ልክ መስሎን ነበር፤ ሰኔ ላይ ግን የመምህራን ደመወዝ አሥር ቀን ዘገየ። ከመምህራኑ መካከል ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ አሉ። ከዚያ በኋላ ቦርዱ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ቦታ ላለመጨመር ወሰነ፣ እኔም ፈርሜበታለሁ። የእርስዎ ችግር ከሌላው ስላነሰ አይደለም እምቢ ያልነው፤ ይህን ቢያምኑኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ልናደርገው ወደምንችለው ልምጣ።

የሁለቱ ልጆች ወርሃዊ ክፍያ በድምሩ 7,000 ብር ነው። ከየካቲት እስከ ሰኔ 35,000 ብር ይሆናል። ቦርዱ የፈቀደልኝ እስከ ሰኔ ድረስ በየወሩ ግማሹን፣ 3,500 ብር እንዲከፍሉ፣ የቀረው 17,500 ብር ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጥር 2018 ድረስ በወር 2,500 ብር እየሆነ በሰባት ወር እንዲጠናቀቅ ነው። የመዘግየት ቅጣት አይታሰብብዎትም። ዕዳው ሳያልቅ ናሆም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢዛወር እንኳ ውጤቱንም መሸኛውንም አንይዝም። ይህን በጽሑፍ የሰጠሁዎት ነገ ሌላ ሰው ወንበሬ ላይ ቢቀመጥ እንዲያሳዩት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። በማመልከቻዎ ላይ ባለቤትዎ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የግል ድርጅት በሹፌርነት ሲሠሩ እንደነበር ጽፈዋል፤ ስለ ጡረታ ግን አንድም ቃል የለም። እንደዚያ ከሆነ በየወሩ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ፣ አሠሪው ደግሞ የራሱን ድርሻ እየጨመረበት ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሲገባላቸው መቆየት ነበረበት። አሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ሲሞት ሚስቱ ሊያገኘው ይችል ከነበረው ጡረታ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ የማግኘት መብት አላቸው። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የራሳቸው ገንዘብ ነው። በዚህ ሳምንት ወደ ድርጅቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ሄደው የጡረታ ማመልከቻው እንዲዘጋጅልዎ ይጠይቁ። ያልተከፈለ ደመወዝና ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ካለም በዚያው ያንሱት። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ይጠይቅዎታል። ሁለቱ ልጆች ሲመዘገቡ ያስገባችሁት የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ ፋይላቸው ውስጥ ስላለ ዋናው ከጠፋ ኮፒው እንዲያወጡት ይረዳዎታል። የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤም ጠዋት ጠይቀው ከሰዓት ይወስዳሉ።

ሌላው የወረዳችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። አባት የሞተባቸውን ልጆች መዝግበው ከሚረዱ ድርጅቶችና ግለሰቦች ጋር ያገናኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ቶሎ ይሳካል፣ አንዳንድ ጊዜ ስሙ መዝገብ ላይ ይቀራል፤ ከወር በኋላ ተመልሰው መጠየቅን አይርሱ። የመኖሪያ ቤት እድራችሁም ከቀብር ማስፈጸሚያው ሌላ ለወላጅ አልባ ልጆች የሚመድበው ነገር ካለ ዳኛውን ይጠይቁ። እድር ካልጠየቁት አይሰጥም፤ ሲጠይቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ አያሳፍርም።

የትምህርት ቤታችን የወላጅ መምህር ኅብረት ለመማሪያ መጻሕፍትና ለደብተር የሚያወጣት ጥቂት ገንዘብ አለችው። ፈቃድዎ ከሆነ ስምዎን ሳልጠቅስ ጉዳዩን አቀርብላቸዋለሁ። ቃል መግባት ግን አልችልም።

ስለ ልጆቹም ትንሽ ልበል። ናሆም ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ፈተና ተፈታኝ ነው፤ አሁን ከማዛወር እዚሁ ቢጨርስ እመክራለሁ። ባለፈው ሳምንት የሰርቪሱን ሹፌር «ከሰኞ ጀምሮ እኔና መክሊት በእግራችን ነው የምንመጣው» ብሎታል። ማንም አላዘዘውም፤ ከእኛም ማንም ስለ ክፍያ አላነሳበትም፣ ወደፊትም አናነሳበትም። በክፍያ ምክንያት ከክፍል ተጠርቶ የሚወጣ ልጅ አይኖርም። ሰርቪሱን ማቆሙ ቁርጥ ከሆነ ግን ይንገሩኝ፤ የየካቲት የሰርቪስ ሒሳብ እንዳይጠየቅ ለሹፌሩ እነግረዋለሁ።

ለመክሊት የሚቀጥለው ዓመት ሲታሰብ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤትን እንደ ውድቀት እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። እኔ ራሴ ከዚያ ነው የወጣሁት። በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍያ የለም፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማ አስተዳደሩ ለተማሪዎቹ ቁርስና ምሳ ያበላል፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ያድላል። ለናሆምም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአቅራቢያችሁ ያለውን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ አብረን ማየት እንችላለን። እዚሁ እንዲቀጥሉ ከፈለጉ ደግሞ የ2018 የነፃ ቦታ ማመልከቻ ከነሐሴ 1 ጀምሮ እንቀበላለን፤ የዘንድሮውን ማመልከቻዎን ከፋይል አውጥቼ እዚያው ላይ አያይዘዋለሁ፣ እንደገና መጻፍ አያስፈልግዎትም።

ሐሙስ የካቲት 13 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢሮዬ ቢመጡ የክፍያውን ስምምነት አብረን እንፈራረማለን። የወር ግማሹም ከባድ ከሆነ ሳይሳቀቁ ይንገሩኝ፤ እስከ ሐሙስ ድረስ ስለ ገንዘብ ማንም አይደውልልዎትም። ሰዓቱ ካልተመቸዎት ለጸሐፊያችን ይደውሉላት፣ ትቀይርልዎታለች።

ይህ ደብዳቤ ግልባጭ የለውም። በልጆቹ እጅ እንዳይላክ ብዬ በታሸገ ፖስታ በሰው አድርሼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር