በላፕቶፕ ብልሽት ስለዘገየው የሬግረሽን ፕሮጀክት እና አብሮ ስለተያያዘው ያላለቀ ሥራ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15 ቀን

ለተከበሩ መምህሬ፣

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛው ፕሮጀክት ማስረከቢያ ትናንት አርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር፤ እኔ አላስረከብኩም። ሐሙስ ሌሊት የላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ ተበላሽቶ ሥራው በሙሉ እሱ ውስጥ ቀረ። ከአምስቱ ክፍሎች የሦስቱን ረቂቅ ከሌላ ቦታ ስላገኘሁ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። የቀሩትን ሁለቱን ደግሜ ሠርቼ እስከ ረቡዕ ግንቦት 19 ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዳስረክብ እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሆነውን በዝርዝር ልንገርዎት። ሐሙስ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ አራተኛው ክፍል ላይ ሆኜ የመጨረሻዎቹን ግራፎች ወደ ጽሑፉ እያስገባሁ ነበር። ማውሱ ቆመ። አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ፤ በዚያ መሀል ከላፕቶፑ ግራ በኩል፣ እጄን ከማሳርፍበት ሥር፣ ቀጭን የሆነ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። በመሀሉ ዝም ይልና እንደገና ይጀምራል። አጥፍቼ ሳበራው ጥቁር ስክሪን ላይ `No bootable device` የሚል አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አበራሁት። ያንን ማድረግ እንዳልነበረብኝ ያወቅኩት በማግስቱ ነው፤ አርብ ጠዋት የወሰድኩለት የጥገና ባለሙያ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሲሰማ የዲስኩ ማንበቢያ ጫፍ ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችል፣ በበራ ቁጥርም ጉዳቱ ሊብስ እንደሚችል ነገረኝ። ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኘውም ጨርሶ አላየውም። በውስጡ ያለውን ለማውጣት መሞከር የሚችለው ዲስክ ከፍቶ የሚሠራ ልዩ ባለሙያ ብቻ እንደሆነ፣ ያም ቢሆን ዋስትና እንደሌለው ገልጾልኛል። ላፕቶፑን የተረከበበትን ቀንና የብልሽቱን ዓይነት የጻፈበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ አያይዤልዎታለሁ።

ዲስኩ መበላሸቱ ከእጄ ውጪ ነው፤ ሌላ ቅጂ አለመኖሩ ግን የእኔ ጥፋት ነው። ሥራዎቼ በኢንተርኔት በኩል በራሳቸው ይቀመጡልኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የተፈቀደልኝ ቦታ ሞልቶ ማስቀመጡ ቆመ፤ ማስጠንቀቂያውም በስክሪኑ ጥግ ላይ ይታየኝ ነበር። ፕሮጀክቱን ስጨርስ አጸዳዋለሁ እያልኩ አለፍኩት። ፍላሽም ነበረኝ፤ አልተጠቀምኩበትም።

አርብ ቀን ላይ ወዲያውኑ ልጽፍልዎት ይገባኝ ነበር፤ አልጻፍኩም። እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ድረስ ከጥገናው ቤት ደጃፍ ቁጭ ብዬ ዲስኩ ሊነሳ ይችላል እያልኩ ስጠብቅ ሰዓቱ ሄደ። ባይነሳስ ብዬ አስቀድሜ ባሳውቅዎት ኖሮ ቢያንስ ሳይዘገይ ያውቁት ነበር። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የተረፈው እንዴት ተረፈ የሚለውን ደግሞ ግልጽ ላድርግ። ሰኞ ማታ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ረቂቅ ለአንዲት የክፍል ጓደኛዬ የፊደል ግድፈት እንድታይልኝ በኢሜይል ልኬላት ነበር። እሷ የምትሠራው በሌላ ዳታ ላይ ስለሆነ ሥራዎቻችን አይገናኙም፤ ያም ሆኖ ረቂቄን ሌላ ሰው ማየቱን ከእኔ እንዲሰሙት ፈልጌያለሁ። የላክሁበት ቀንና ሰዓት እንዲታይ ያንን ኢሜይል እንዳለ አስተላልፌልዎታለሁ። ከሰኞ በኋላ የጻፍኩት ግን አንድ መስመርም የለም።

የተያያዘው `project2_draft.docx` የሰኞው ረቂቅ ነው። አንደኛው ክፍል መግቢያ ነው። ሁለተኛው ዳታውን ያስተዋውቃል፤ ይኸውም አር ፕሮግራም ውስጥ ያለው `airquality`፣ በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከግንቦት እስከ መስከረም 1973 በየቀኑ የተለካ፣ 153 ቀናትና 6 ተለዋዋጮች ያሉት ነው። ሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያው ሞዴል ነው። ዳታው ፕሮግራሙ ውስጥ ስለሚገኝ ዛሬ ጠዋት በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ትእዛዙን እንደገና አስኬድኩና ረቂቁ ውስጥ ካለው ጋር አመሳከርኩት፦

```
m1 <- lm(Ozone ~ Solar.R + Wind + Temp, data = airquality)
summary(m1)
```

ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ገጥመዋል። ምንም የጎደለ ልኬት የሌላቸው 111 ቀናት ናቸው፤ የሞዴሉ አር ስኩዌር 0.606 ነው። ሌሎቹ ሳይለወጡ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት በአንድ ማይል ሲጨምር ኦዞኑ በ3.33 ገደማ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ሲጨምር ደግሞ በ1.65 ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሦስቱ ክፍሎች በአሁኑ መልካቸው ሊነበቡና ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው። ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት አንቀጾች ሻካራ ናቸው፤ ሐሙስ አስተካክያቸው ነበር፤ አሁን ያሉት ግን የሰኞዎቹ ናቸው።

የጠፋው አራተኛውና አምስተኛው ክፍል ነው። አራተኛው የሞዴሉ ፍተሻ ነበር፦ የሬዚጁዋሎቹ ግራፍ፣ ስርጭታቸው ከኦዞኑ ጋር እየሰፋ መሄዱ፣ በዚያ ምክንያት ኦዞኑን ወደ ሎጋሪዝም ቀይሮ ሞዴሉን እንደገና መሥራት፣ እንዲሁም 117ኛው ረድፍ። በዚያ ቀን የተለካው ኦዞን 168 ነው፤ በዳታው ውስጥ ትልቁ፤ ሞዴሉም ከሁሉም በላይ የሳተው እሱን ነው። አምስተኛው ማጠቃለያው ነው።

ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ግን ሐሙስ ማታ የጻፍኩት አንድ ገጽ ነው። ክፍል ውስጥ «የጎደለው ዳታ በዘፈቀደ ነው የጎደለው ወይስ ሥርዓት አለው ብላችሁ ሳትጠይቁ ረድፍ አትጣሉ» ብለውን ነበር። ይህን ይዤ ኦዞን ያልተለካባቸውን 37 ቀናት በየወሩ ቆጠርኩ። 21ዱ ሰኔ ላይ ናቸው። ከሰኔ 30 ቀናት ኦዞን የተለካው በ9ኙ ብቻ ነው ማለት ነው። ሞዴሌ ስለ አምስት ወር የሚናገር መስሎኝ ስጽፍ ቆይቼ፣ አንዱን ወር አለማየት በሚባል ደረጃ እንዳየው የገባኝ ያን ማታ ነው። ከዚያም ሰኔን ጨርሶ አውጥቶ ሞዴሉን መልሶ መሥራትና የነፋሱና የሙቀቱ ቁጥር ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ማየት ጀመርኩ፤ ያንን ሳልጨርስ ነው ላፕቶፑ የቆመው። ቆጠራውን ዛሬ ደግሜ አረጋግጫለሁ፤ ትንተናው ግን ገና እንደ አዲስ መጻፍ አለበት።

ትእዛዞቹን ማስኬድ ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ከሆነ ለምን እስከ ረቡዕ እንደምጠይቅ ሊያስገርምዎ ይችላል። አራተኛውን ክፍል ዛሬውኑ በጥድፊያ ሞልቼ ልልክ እችል ነበር፤ ሞክሬም ነበር። ነገር ግን የምጽፈው ግማሹ ከግራፉ ሳይሆን ሐሙስ ያየሁት ከሚመስለኝ ነገር የመጣ ሆኖ አገኘሁት። በፋይሉ ውስጥ በአራተኛውና በአምስተኛው ርዕስ ሥር ያለውን ባዶ ስፍራ የተውኩት ለዚህ ነው፤ በቀይ «አልተጠናቀቀም» ብዬ ምልክት አድርጌበታለሁ። ግራፎቹን ዳግም ሠርቼ፣ እያየሁ ልጻፋቸው። ከዚህ በተጨማሪ ላፕቶፕ እስካገኝ ድረስ የምሠራው በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ነው፤ ለአንድ ተማሪ በቀን የሚፈቀደው ሁለት ሰዓት ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የሌላ ትምህርት ፈተና አለብኝ። እሑድ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ስለሆነ የሚቀረኝ የሰኞ ከሰዓት፣ ማክሰኞና ረቡዕ ነው፤ በጠቅላላው ስድስት ሰዓት። ለሁለቱ ክፍሎች ይበቃኛል ብዬ አስቤ ነው ቀኑን የመረጥኩት፤ ሌላ ተጨማሪ ቀን አልጠይቅም።

በኮርሱ መግለጫ ላይ ለዘገየ ሥራ በየቀኑ 5 ነጥብ እንደሚቀነስ ተጽፏል። ይህ በእኔም ላይ ቢፈጸም ቅሬታ የለኝም። ጊዜውን መስጠት የማይቻል ከሆነ ደግሞ፣ ያያያዝኩት ረቂቅ በአሁኑ ይዞታው እንደ ማስረከቢያ ተቆጥሮ ባሉት ሦስት ክፍሎች ብቻ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የሰኔውን ትንተና ልጨርሰው አስቤያለሁ፤ ነጥብ ባይኖረውም ፈቃድዎ ከሆነ በቢሮ ሰዓትዎ አምጥቼ ላሳይዎት እወዳለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ የምጽፈው ሁሉ በዕለቱ ማብቂያ ወደ ራሴ ኢሜይል ይላካል፤ ፍላሹም ከእኔ አይለይም። የኢንተርኔት ማስቀመጫዬንም ትናንት ማታ ከስልኬ ላይ አጽድቼ ክፍት ቦታ አስገኝቼለታለሁ።

መልስዎን ከሰኞ ጠዋት በፊት ካገኘሁ የሰኞ ከሰዓቱን ሰዓት በየትኛው ሥራ ላይ እንደማውለው እወስናለሁ፤ ካልተመቸዎት ግን አራተኛውን ክፍል መጻፌን እቀጥላለሁ። ኢሜይሌን በስልኬ ስለማየው በማንኛውም ሰዓት ቢጽፉልኝ ይደርሰኛል። የጥገናውን ወረቀት ዋናውን ማየት ከፈለጉም ማክሰኞ ወደ ክፍል ይዤው እመጣለሁ።

አብረው የተያያዙት የሰኞው ረቂቅ `project2_draft.docx`፣ ዛሬ ያስኬድኳቸው ትእዛዞች ያሉበት `model1_check.R` እና የጥገናው ወረቀት ፎቶ `repair_note.jpg` ናቸው።

ጊዜ ወስደው ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ተማሪዎ ሰላማዊት
የሁለተኛ ዓመት፣ የማክሰኞው ክፍል