የደም ምርመራ መጠየቂያ ቅጽ እና ናሙና ያለመቀበል ማሳወቂያ

ክፍል አንድ፦ የደም ምርመራ መጠየቂያ ቅጽ

የታካሚዋ ስም እስከ አያት፦ አልማዝ ተስፋዬ ወልዴ

ስሙ በታካሚዋ ካርድ ላይ በተጻፈበት ፊደል ይጻፋል። ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተኝተው መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ የአያት ስም የሌለው ቅጽ ተቀባይነት የለውም።

የካርድ ቁጥር፦ 041827

ቁጥሩ ከካርዱ ላይ እየታየ ይገለበጣል እንጂ በቃል ተይዞ አይጻፍም።

ፆታና ዕድሜ፦ ሴት፣ 54 ዓመት

ክፍልና አልጋ፦ የውስጥ ደዌ የሴቶች ክፍል፣ አልጋ 14

ዕድሜ ብዙ ጊዜ በግምት የሚነገር፣ አልጋም የሚቀያየር በመሆኑ ሁለቱም ለማመሳከር ይረዳሉ እንጂ ማንነትን አያረጋግጡም። ማንነት የሚረጋገጠው በሙሉ ስምና በካርድ ቁጥር ነው።

የተጠየቁ ምርመራዎች፦ ሲቢሲ፣ ክሪያቲኒን፣ ፖታሲየም፣ የደም ዓይነት፣ ለ2 ዩኒት ደም ክሮስማች

የሕመም ሁኔታ፦ የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሲሆኑ ትናንት የተለካው ሄሞግሎቢን 5.8 ግራም በዴሲሊትር ነበር። ከዚህ በፊት ደም ተሰጥቷቸው አያውቅም።

አስቸኳይነት፦ አስቸኳይ

ያዘዘው ሐኪም፦ የክፍሉ ተረኛ ሐኪም፣ የሥራ መለያ ቁጥር 52፣ ተፈርሟል

ደም የተቀዳበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር

የተላኩ ቲዩቦች፦ ሐምራዊ ክዳን ያለው 1፣ ቀይ ክዳን ያለው 1

የደም ቀጂ ማረጋገጫ፦ ደሙን የቀዳሁት እኔ ራሴ ነኝ። ታካሚዋ ስማቸውን እስከ አያት በራሳቸው አንደበት ነግረውኛል፤ የነገሩኝንም ከካርዱና ከዚህ ቅጽ ጋር አመሳክሬያለሁ። በቲዩቦቹ ላይ የጻፍኩት ደሙን ከቀዳሁ በኋላ፣ ከአልጋው አጠገብ ሳልለቅ ነው። *ነርስ፣ የሥራ መለያ ቁጥር 118፣ ተፈርሟል።*

*ከቅጹ ጀርባ የታተመ፦*

ታካሚን «አልማዝ ነዎት?» ብለው አይጠይቁ። ትኩሳት የያዘው፣ ጆሮው የሚከብደው ወይም ከእንቅልፉ ገና የነቃ ሰው በማንም ስም ቢጠራ «አቤት» ሊል ይችላል፤ ብዙዎችም ለጤና ባለሙያ ካላቸው አክብሮት የተነሣ «አይደለሁም» ማለት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ «ስምዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም ይንገሩኝ» ብለው ይጠይቁ፤ መናገር ለማይችል ታካሚ አስታማሚው ይጠየቃል፣ ካርዱም ይታያል። ስሙ ያልታወቀ ሰው ሲመጣ ድንገተኛ ክፍል በሰጠው ቁጥር ይመዘገባል፤ ስሙ በኋላ ቢታወቅም አስቀድሞ በተላከ ናሙና ላይ አይጨመርም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በእናቱ ሙሉ ስምና በራሱ ካርድ ቁጥር ይመዘገባል፤ መንታ ከሆኑ አንደኛና ሁለተኛ ተብለው ይለያሉ።

ባዶ ቲዩብ ላይ አስቀድሞ ስም መጻፍ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በአንድ ትሪ ላይ ስም የተጻፈባቸው አምስት ባዶ ቲዩቦች ተደርድረው ከአልጋ አልጋ ሲዞሩ፣ የአንዱ ታካሚ ደም በሌላው ስም ቲዩብ ውስጥ እንዲገባ አንዲት የስልክ ጥሪ ትበቃለች። የአንድ ታካሚ ደም ተቀድቶ፣ ተጽፎበትና ተፈርሞበት ሳያልቅ ወደ ሌላው አይኬድም። ጽሑፉ በቲዩቡ አካል ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይሁን፤ ክዳን ይከፈታል፣ ከሌላ ክዳንም ጋር ይቀያየራል። አልኮል የነካው ጓንት ቀለሙን ስለሚያፈዝ ከመጻፍዎ በፊት የቲዩቡ ውጭ ደረቅ መሆኑን ይመልከቱ።

ቀዩ ቲዩብ ከሐምራዊው በፊት ይሞላል፤ ከሐምራዊው ወደ ቀዩ ደም አይገለበጥም። በሐምራዊው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ወደ ቀዩ ከገባ ፖታሲየሙን ከፍ፣ ካልሲየሙን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ይህም የሌላ ሰው ደም የመላክን ያህል ሐኪሙን ያሳስታል። ግሉኮስ እየወረደበት ካለ ክንድም ደም አይቀዳም።

ክፍል ሁለት፦ ናሙና ያለመቀበል ማሳወቂያ

ለ፦ የውስጥ ደዌ የሴቶች ክፍል ኃላፊ ነርስ እና ተረኛ ሐኪም
ከ፦ ላቦራቶሪ፣ የናሙና መቀበያ
ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
የማሳወቂያ ቁጥር፦ 37

በወይዘሮ አልማዝ ተስፋዬ ወልዴ ስም፣ በካርድ ቁጥር 041827 በቀረበው መጠየቂያ ላይ የተጠየቁት ምርመራዎች አልተሠሩም። ናሙናዎቹ ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ5 ደርሰውን ከቅጹ ጋር ስናመሳክር፣ በቀዩ ቲዩብ ላይ የተጻፈው ከቅጹ ጋር ሲስማማ፣ በሐምራዊው ላይ ግን «አልማዝ ተስፋዬ» ከሚለው ቀጥሎ የአያት ስም የለም፤ የካርድ ቁጥሩም 048217 ይላል። በመዝገባችን መሠረት ይህ ቁጥር በዚያው ክፍል አልጋ 9 ላይ የተኙት የወይዘሮ አልማዝ ተስፋዬ ገብሬ ነው። ደሙ የየትኛዋ ታካሚ እንደሆነ ቲዩቡን በማየት ማወቅ አይቻልም፤ ቁጥሮች ተዘበራርቀው ተጽፈው ይሆናል፣ ደሙም በእርግጥ የሌላዋ ሊሆን ይችላል።

ቀዩ ቲዩብ ትክክለኛ ጽሑፍ እያለው ለምን እንዳልተቀበልነው ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ሁለቱ ቲዩቦች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቅጽ የተላኩ ስለሆኑ አንዱ ሲያጠራጥር ሌላውም ያጠራጥራል፤ በሌላ ሰው ፖታሲየም መድኃኒት ከማዘዝ ታካሚዋን አንድ ጊዜ ደግሞ መውጋት ይሻላል። የክሮስማቹ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የደም ዓይነቷ ኦ ለሆነ ታካሚ በስም ስሕተት የኤ ደም ቢሰጥ በሰውነቷ ውስጥ የተሰጠው ደም ይፈርሳል፤ ሕይወቷንም ሊያሳጣ ይችላል። ላቦራቶሪው የደም ዓይነቱን በትክክል ቢያነብም፣ ቲዩቡ ውስጥ ያለው የሌላ ሰው ደም ከሆነ ያ ትክክለኛ ንባብ አያድናትም።

ናሙናዎቹ ላቦራቶሪ ከደረሱ በኋላ ማንም፣ የቀዳው ነርስም ሆነ ያዘዘው ሐኪም መጥቶ ጽሑፉን ማረም አይችልም። ከአከርካሪ የተወሰደ ፈሳሽንና የቲሹ ናሙናን የመሳሰሉ በቀላሉ ዳግመኛ የማይወሰዱ ናሙናዎች ሲሆኑ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን በልዩ ሁኔታ እናያለን፤ ደም ግን እንደገና ሊቀዳ ስለሚችል በዚህ አይታይም።

ይህንኑ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ12 ለክፍሉ ተረኛ ነርስ በስልክ ነግረናል፤ የነገርናቸውንም መልሰው አንብበውልናል። አሁን የሚጠበቀው አዲስ ቅጽ ተሞልቶ ከወይዘሮ አልማዝ ተስፋዬ ወልዴ ሁለቱም ቲዩቦች እንደገና እንዲቀዱ ነው። ከአልጋ 9 ታካሚ ዛሬ ጠዋት ደም ተቀድቶ ከሆነም ያ ናሙና ውጤቱ ሳይወጣ እንዲያዝ ወዲያውኑ ይደወልልን። አዲሱ ናሙና እንደደረሰን ከሌሎቹ አስቀድመን እንሠራዋለን። የደም ዓይነታቸው በመዝገባችን ስለሌለ ለማረጋገጫ በሌላ ሰዓት የሚቀዳ ሁለተኛ ናሙና ያስፈልገናል። እስከዚያው የታካሚዋ ሁኔታ ከተባባሰ ተረኛው ሐኪም ራሱ ደውሎ የድንገተኛ የኦ ደም መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ማሳወቂያ ያንን አያግድም።

በቅጹ ላይ የደም ቀጂው ማረጋገጫ ተፈርሟል። ይህን የምናነሣው ባልደረባችንን ለመክሰስ አይደለም፤ አንድ ነርስ በአንድ ጠዋት ለስንት ታካሚ ደም እንደሚቀዳ እናውቃለን። ነገር ግን ፊርማው የተቀመጠው በአልጋው አጠገብ ወይስ በነርሶች ጠረጴዛ ላይ እንደነበር ኃላፊ ነርሷ ከባልደረባዋ ጋር በእርጋታ ተነጋግረው እስከ ነገ ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁን፣ እንዲሁም የአልጋ 9 እና የአልጋ 14 ካርዶች ላይ «ተመሳሳይ ስም አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ ዛሬውኑ እንዲለጠፍ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ያልተቀበልናቸው ሁለት ቲዩቦች ምርመራ ሳይሠራባቸው ለ24 ሰዓት ተለይተው ይቀመጡና ይወገዳሉ።

ተረኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የሥራ መለያ ቁጥር 23፣ ተፈርሟል
ግልባጭ፦ ለጥራት ክፍል እና ለደም ባንክ ክፍል