መሀሉ ደጅ የሆነ ቤተ መጻሕፍት፦ ለሽምብጥ ሰፈር የቀረበ የንድፍ ሐሳብ

ለሰፈራችን የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ፣

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት የተናገሩት ከልቤ አልወጣም። «ልጄ የሚያጠናው ደጅ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ቦታ የለም» አሉ። ይህ ንድፍ የተነሳው ከዚያ ነው። ልጆቻችን ድሮም ደጅ ላይ ካነበቡ፣ ጥሩ ደጅ እንሥራላቸው።

ስለዚህ የመሬቱን መሀል ባዶ ተውኩት። ክፍሎቹ ዙሪያውን ይቆማሉ። የገጠር ዘመዶቻችንን ግቢ አስቡት። ዋናው ቤት፣ ማድቤቱና ጎተራው ለየብቻ ናቸው፤ መሀላቸው ያለው ደጅ ግን የሁሉም ነው። እህል ይሰጣበታል፣ ልጅ ይሮጥበታል፣ ሰርግ ሲሆን ዳስ ይጣልበታል። ከሐረርም ተውሻለሁ። ጀጎል ውስጥ ያለው ባህላዊ ቤት ፊቱን ለግቢው ይሰጣል። ሳሎኑም ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይሏቸዋል።

መሬታችን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 20፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 24 ሜትር ነው። ደጁ 7 በ12 ሜትር ይሆናል። በምዕራብ የልጆች ክፍል፣ በደቡብ ትልቁ የንባብ ክፍል፣ በምሥራቅ የመጻሕፍት ማከማቻ፣ ቢሮና መጸዳጃ ይቆማሉ። በሦስቱም ፊት 2 ሜትር ስፋት ያለው በረንዳ ይዞራል። ሰሜኑን በዝቅተኛ የድንጋይ አጥር ብቻ ተውኩት። ጣና በዚያ በኩል ነው፤ ቀን ቀን ከሐይቁ የሚመጣው ነፋሻ አየር ሳይከለከል ይግባ።

ልጆቹን በምዕራብ ያደረግኩት አስቤበት ነው። ከትምህርት ቤት የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ፀሐይዋ ከክፍላቸው ጀርባ ስለምትሆን በረንዳቸው ጥላ ነው። የምሥራቁ በረንዳ ግን ፀሐይ ይመታዋል፤ እሱን በደንገል ምንጣፍ እንጋርደዋለን። ደንገል ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ያረጃል፣ በየጊዜው መቀየር አለበት። እኔ ይህን እንደ ጉዳት አላየውም። ከዚሁ ደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች እጅ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቢኖር ደስ ይለኛል። ታንኳ የሚመስል ጣሪያ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ ግን አልተቀበልኩም። ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ወጪውም ብዙ ነው።

በበረንዳው ሥር ግድግዳውን ይዞ መደብ ይሠራል። አንዱ 25፣ ሌላው 45 ሳንቲሜትር ከፍታ አለው። ትንንሾቹ ዝቅ ባለው፣ አዋቂው ከፍ ባለው ይቀመጣል። አያት ጋዜጣ እያነበቡ የልጅ ልጃቸውን በዓይናቸው ይጠብቃሉ። ፎቅ ይሁን ላላችሁኝም መልሴ ይኸው ነው። ፎቅ ላይ ያለ ልጅ ከደጅ አይታይም።

አሁን ወደ ክረምቱ እንምጣ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡን ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀምጦ መሰማማት አይቻልም። ንባብማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር ጣውላ፣ ቀጥሎ የአየር ክፍተት፣ ከታች የቀርከሃ ኮርኒስ ይኖራል። ቀርከሃው ከእንጅባራ አካባቢ ይመጣል። ገንዘብ ካጠረን ከሌላው ይቀነስ፣ ከዚህ ግን አይቀነስ።

ጣሪያው ወደ ደጁ ያዘነብላል፤ ውሃው ጎረቤት ግቢ ውስጥ እንዳይወርድ ነው። አሸንዳው ተቀብሎ ወደ ሮቶ ይወስደዋል። ጣሪያው ወደ 300 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊሜትር ዝናብ ከጣለ ወደ 6,000 ሊትር ይገኛል። የደጁ ወለል በ12 ሜትር ርዝመት 12 ሳንቲሜትር ወደ ሰሜን ዝቅ ይላል፣ ኩሬ እንዳይሆን። ክፍሎቹ በጥቁር ድንጋይ መሠረት 45 ሳንቲሜትር ከፍ ይላሉ። በዊልቸር ለሚመጣና ደረጃ ለሚከብደው ሰው 5.4 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ተደርጓል።

መጻሕፍቱን በተመለከተ ከጣና ገዳማት የተማርኩት አለ። ብራናው በማኅደር ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ውድ የሆነው ለብቻው በቆመ ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ከእርጥበትና ከምስጥ ይርቃል። እኛም ማከማቻውን ከንባብ ክፍሉ ለይተናል። መደርደሪያው ከወለሉ 20፣ ከግድግዳው 5 ሳንቲሜትር ይርቃል፤ አየር ይዙርበት።

መሬቱ ላይ ያለው የዋንዛ ዛፍ አይቆረጥም። ደጁን የለካሁት እሱን መሀል አድርጌ ነው። መብራት ቢጠፋም ቀን ላይ ማንም መጽሐፉን አይዘጋም፤ መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ደጁ ይከፈታሉ።

ወረቀት ላይ ያለ መስመር ለሁሉም ሰው አይገባም። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ችካልና ገመድ ይዤ እመጣለሁ። ክፍሎቹን መሬቱ ላይ እናስምራቸው። ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ፤ መደቡ የት ቢሆን እንደሚወዱ ተቀምጠው ያሳዩን።