ስለ አዳማው ጉዞ ወጪዎ (የሐሙሱን ደብዳቤ የሚተካ)

ጋሼ እንደምን ዋሉ። ሐሙስ ጥር 28 የላክንልዎትን ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይተዉት፣ ይሄኛውን ይያዙልኝ። ዛሬ ጠዋት ደውለው «ገንዘቤ የተከለከለው ለምንድነው፣ ሌባ ነህ ነው የምትሉኝ?» ሲሉኝ ደብዳቤውን ቁጭ ብዬ እንደገና አነበብኩት፣ እውነትዎን ነው። ስድስት አንቀጽ ተደርድሮ ዋናው ምክንያት ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፣ «ያለአግባብ የቀረበ» የሚለው ቃል ደግሞ ጭራሽ መግባት አልነበረበትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ካቀረቡት 9,730 ብር ውስጥ የምግቡን 3,150 ብር መክፈል አልቻልንም፣ ምክንያቱም ከሐዋሳ ሳይነሱ የወሰዱት ውሎ አበል የምግብ ነው። በቀን 900፣ ከሰኞ ጥር 18 እስከ ሐሙስ ጥር 21 የ4 ቀን 3,600 ብር ፈርመው ወስደዋል። የጉዞ መመሪያችን አንቀጽ 7 አበል የወሰደ ሰው የራሱን ምግብ በደረሰኝ አያወራርድም ይላል፣ አልጋ ግን አበሉ ውስጥ ስለሌለ ለብቻው በደረሰኝ ይከፈላል። የምግቡን ደረሰኝ ከከፈልን ለአንድ ምሳ ሁለት ጊዜ ከፈልን ማለት ነው፣ ኦዲተር ሲመጣ ደግሞ የሚጠየቀው እርስዎም እኔም ነን።

ደረሰኞቹ ላይ ምንም ጥያቄ የለንም። ሁሉም የማሽን ደረሰኝ ናቸው፣ የድርጅቱ ስምና ቲን ቁጥር በትክክል ተጽፎባቸዋል፣ እንዲያውም እንዲህ አሟልቶ የሚያመጣልን ሰው ጥቂት ነው። ያልተከፈለው በመመሪያው ምክንያት ብቻ ነው፣ በፋይልዎ ላይም ጥፋት ተብሎ የሚጻፍ ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ሐሙስ በደንብ ሳላየው ያለፍኩት። የረቡዕ ጥር 20 የምሳ ደረሰኝ 1,860 ብር የሶስት ሰው ነው፣ እርስዎና ከሞጆ የመጡት ሁለቱ የማህበሩ ሰዎች። የእርስዎ ድርሻ 620 ብር በአበሉ ይሸፈናል፣ የእንግዶቹ 1,240 ግን አበል ውስጥ የለም፣ እሱ የመስተንግዶ ወጪ ነው። መስተንግዶ የሚከፈለው ኃላፊው ከምሳው በፊት በጽሑፍ ከፈቀደ ነው፣ ደብዳቤ መሆን የለበትም፣ በቴሌግራም «እሺ ጋብዛቸው» ያለዎት መልእክት ካለ ስክሪንሾቱን ላኩልኝ ይበቃል። ቀኑ ብቻ ከረቡዕ ምሳ በፊት መሆኑ ይታይ። አሁን አዲስ ፈቃድ ቢያጽፉ ግን ልቀበልዎ አልችልም፣ ይሄን ቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው እንዳይመላለሱ። ቀሪው 1,910 ብር (620ውን ጨምሮ) በማንኛውም መንገድ የሚከፈል አይደለም።

የአልጋው 5,100 ብር፣ ሶስት ሌሊት በ1,700፣ ጸድቋል፣ ነገ ማክሰኞ አካውንትዎ ይገባል። የባጃጅና የሚኒባሱ 1,480 ብርም አልተከለከለም! ሐሙስ «ደረሰኝ የሌለው» ብለን ከምግቡ ጋር አንድ ላይ ስለጻፍነው ነው ተከለከለ የመሰለዎት። የባጃጅ ሹፌር ደረሰኝ እንደማይሰጥ ማን ያጣዋል፣ ለዚህ ተብሎ ቅፅ አለ፣ ከየት ወደ የት እንደሄዱ፣ በየትኛው ቀንና ስንት እንደከፈሉ ሞልተው ይፈርማሉ፣ በቀን እስከ 400 ብር ድረስ ይከፈላል፣ የእርስዎ ደግሞ የትኛውም ቀን ከዛ አላለፈም። ቅፁን ከዚህ መልእክት ጋር አያይዤዋለሁ፣ ፕሪንት ማድረግ ካስቸገረዎ ጸሐፊዋ ጋ የታተመ አስቀምጫለሁ።

ስለዚህ ቅፁንና ስክሪንሾቱ ካለ እሱን እስከ አርብ የካቲት 6 ካደረሱኝ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ክፍያ ውስጥ አስገባዋለሁ። አርብ ካለፈ ገንዘቡ አይቀርም፣ ግን ከወሩ ደመወዝ ጋር ነው የሚወጣው።

አበሉ ለአዳማ ምግብ አይበቃም ያሉኝን ሰምቻለሁ፣ ትክክል ነዎት ብዬም አምናለሁ፣ የሆቴሉን ዋጋ ደረሰኝዎ ላይ አይቼዋለሁ። እሱን መለወጥ የእኔ ሥልጣን አይደለም ግን የእርስዎን ሶስት የምግብ ደረሰኞች ኮፒ አድርጌ ለአስተዳደር የአበል ተመኑ እንዲታይ ማስታወሻ ዛሬ ጽፌያለሁ፣ ስምዎን አልጠቀስኩም።

ውሳኔው ልክ አይደለም ካሉ ለፋይናንስ ኃላፊው አቤት ማለት ይችላሉ፣ ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃል፣ እኔም ፋይሉን ሳልነካ አቀርብልዎታለሁ። ካልሆነም ሁለተኛ ፎቅ ብቅ ይበሉ፣ ከሰዓት ሁሌ አለሁ፣ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አብረን እንያቸው።

ከፋይናንስ ክፍል
ሐዋሳ፣ ሰኞ የካቲት 2