ደሬ፣ እንዴት አደርክ?

ደሬ፣ እንዴት አደርክ ወንድሜ! አትደንግጥ፣ ሰው አልሞተም፣ ብርም አልፈልግም። ጠፍቶ ጠፍቶ በጠዋት የሚጽፍ ሰው መቼም ከሁለቱ አንዱን ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ግን ደህና አደርክ ወይ ልልህ ብቻ ነው።

ቅድም ለመጨረሻ ጊዜ የተጻጻፍነውን ወደ ላይ ወጥቼ አየሁት። ፋሲካ ላይ ነው። ያውም አንተ አበባና ሻማ ያለበት ፎቶ ልከህልኝ፣ ከሥሩ የሌላ ሰው ስም አለበት፣ ሰውዬው ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም፣ ብቻ እሱም እንኳን አደረሰህ ብሎኛልና እግዜር ይስጠው። እኔስ ምን ብዬ መለስኩ? አውራ ጣት። የሃያ ዓመት ጓደኝነት በአንድ አውራ ጣት! አፈርኩ በቃ። ስለዚህ ይሄኛው በገዛ እጄ የተጻፈ ነው፣ ከማንም አልተላለፈም።

አሁን አሞራ ገደል ነኝ። ገና አንድ ሰዓት አልሆነም። ማታ ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነበር፣ ሥራ ሳልገባ የዓሣ ሾርባ ልጠጣ ብዬ ነው የመጣሁት። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል። ከፊቴ አንድ ልጅ ቆሮሶ እየገፈፈ ነው፣ ቢላዋውን ሸርተት አድርጎ አንዴ ሲስበው ቆዳው እንደ ካልሲ ውልቅ ይላል። አንጀቱን ዞር ብሎ እንኳን ሳያይ ወደ ኋላው ይወረውረዋል። ኋላው አባ ኮዳዎቹ እንደ ዘበኛ ቆመው ይጠብቃሉ፣ አንድም መሬት አይነካም።

እነሱን አይቼ አንተን ካላስታወስኩ እኔ ሰው አይደለሁም። ብር አዋጥተን የገዛናትን አንዲት ጥብስ ዓሣ ረሳሃት? አንተ ዳጣ ልታስጨምር ዞር ስትል እኮ ነው አንዱ አባ ኮዳ ከነጋዜጣዋ የዋጣት። ከዚያ በጫማህ ወረወርከው፣ እሱን ሳተው፣ ጫማው ሐይቅ ገባ። እስከ ፍቅር ሐይቅ በአንድ ጫማ ስትሄድ፣ ሰው ሲያይህ ደግሞ እግሩን እንደታመመ ሰው ስታነክስ! አሁን ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ሸሸት አደረገ።

እና በ19 ገብርኤል እትዬን አገኘኋቸው። ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ትንሽ ያማቸዋል። ከዘራ ግዙ ቢባሉ አሮጊት ያስመስለኛል ብለው በጃንጥላ ነው የሚደገፉት። “ከደሬ ጋር ትደዋወላላችሁ?” አሉኝ። “እንዴ፣ ሁልጊዜ!” አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቆሜ! ይሄን የምጽፍልህ እንግዲህ ግማሹ ንስሐ ነው።

አልተቀየምኩህም፣ እንዳታስብ። እኔም ያው ነኝ። አንተ ስትደውል እኔ ሥራ ላይ፣ እኔ ስደውል አንተ የማታ ፈረቃ አድረህ ተኝተህ፣ ከዚያ ሁለታችንም “ነገ እደውልለታለሁ” እንልና ነገው ወር ይሆናል፣ ወር ካለፈ ደግሞ ምን ብዬ ልደውል የሚለው ይመጣል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው ሥራ ቦታ ፎርም አስሞሉን፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው የሚል አለበት። ሳላስበው ያንተን ስምና ስልክ ጻፍኩ። ልጅቷ አየችውና “አዳማ ነው እንዴ ያሉት? ሐዋሳ ሰው የለህም?” አለችኝ። ሰውማ ሞልቷል። ልሰርዘው ብዬ እስኪርቢቶውን አነሳሁ፣ ከዚያ ተውኩት። ስለዚህ አንድ ቀን ከማታውቀው ቁጥር ቢደወልልህ አንሳ እሺ፣ እኔ ወድቄ ሊሆን ይችላል።

አንተስ? የአዳማ ነፋስና አቧራ እንዴት ይዞሃል? ትንሿስ ትምህርት ቤት ለመደች ወይስ አሁንም በር ላይ ታለቅሳለች? እትዬ ናቸው የነገሩኝ፣ “እንደ አባቷ ነች” አሉ። አንተ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ሆነህም ታለቅስ እንደነበር አልነገርኳቸውም፣ ምስጢር እጠብቃለሁ።

አጭር ልጽፍ ብዬ ነበር፣ ይኸው። ሾርባዬ መጣ፣ ቃሪያው ላዩ ላይ ተንሳፍፏል፣ ይሄ ጉንፋን ዛሬ አለቀለት። አንዱ አባ ኮዳ ጠጋ ጠጋ እያለኝ ነው። ጫማዬን ጠበቅ አድርጌ አስሬያለሁ።

ሲመችህ ጻፍልኝ። ካልተመቸህ አውራ ጣትም ይበቃኛል፣ እትዬ ጋ ግን ዛሬውኑ ደውል። ደህና ዋል ወንድሜ።